የዋትስአፕ መጠባበቂያ ቅጂ

የዋትስአፕ መጠባበቂያ ቅጂ (በተለምዶ «ባክአፕ») ስልክ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ የዋትስአፕ ጽሑፎች፣ የድምፅ መልእክቶች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ተመልሰው እንዲገኙ የሚቀመጥ ግልባጭ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ግልባጩ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ በስልኩ ውስጥ ሲሆን ሌላው በባለቤቱ የጉግል አካውንት ውስጥ ነው። ዋትስአፕ ለተቀባዩ የደረሰን መልእክት በራሱ ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም። ያልደረሰውንም ቢሆን የሚያቆየው እስከ 30 ቀን ብቻ ነው። በመሆኑም ስልኩ ከእጅ ሲወጣ ሊመለስ የሚችለው በጉግል አካውንቱ ውስጥ በመጨረሻ የተቀመጠው ቅጂ የያዘው ያህል ነው።

ይህ ቅጂ ባለቤቱ ሳያውቅ መታደሱን ሊያቆም ይችላል። ዋነኛው ምክንያት የጉግል አካውንቱ ማከማቻ መሙላት ነው። ቅጂው ሲቆም ዋትስአፕ እንደወትሮው ይሠራል፤ መልእክት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ጥሪም ይደረጋል። ችግሩ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ስልኩ ከጠፋ በኋላ፣ በአዲሱ ስልክ ላይ ከወራት በፊት የተቀመጠ ቅጂ ሲገኝ ነው።

## ሁለቱ ቅጂዎችና ሁለቱ ቀኖች

ዋትስአፕ በየሌሊቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (በስልኩ ሰዓት 2:00 AM) ላይ፣ የመልእክቶቹን ማኅደር በስልኩ ውስጥ ይገለብጣል። ይህ ቅጂ ኢንተርኔትም ሆነ የጉግል አካውንት አያስፈልገውም። ፋይሎቹ በሚከተለው ቦታ ይገኛሉ፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Databases
msgstore.db.crypt14
```

እንደ ዋትስአፑ ቅጂና እንደ ምስጠራው ዓይነት የፋይሉ ስም መጨረሻ `crypt15` ሊሆንም ይችላል። በአቃፊው ውስጥ ከአዲሱ ፋይል ጎን ስማቸው ላይ ቀን የተጻፈባቸው የቀደሙ ቀናት ፋይሎች ይኖራሉ። ስልኩ የሚያቆየው ቢበዛ የመጨረሻዎቹን ሰባት ቀናት ነው።

ሁለተኛው ቅጂ በኢንተርኔት ወደ ጉግል አካውንት የሚላከው ነው። ተጠቃሚው በመረጠው መሠረት በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይላካል። አዲሱ ቅጂ ሲሳካ የቀደመውን ይተካል። ስለዚህ በአካውንቱ ውስጥ ለአንድ ስልክ ቁጥር የሚገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እንደ ስልኩ የሰባት ቀን ታሪክ የለውም። አዲሱ ቅጂ ካልተሳካ ደግሞ የቀደመው እንዳለ ይቆያል። ይህ በአንድ በኩል ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ያለው ነገር አይጠፋም። በሌላ በኩል ግን «ቅጂ አለኝ» የሚለው እምነት ቅጂው እያረጀም ሳይናወጥ እንዲቀጥል ያደርጋል።

የሁለቱም ቅጂዎች ቀን አንድ ገጽ ላይ ይታያል። በዋትስአፕ ውስጥ `Settings`፣ ቀጥሎ `Chats`፣ ቀጥሎ `Chat backup` ሲከፈት ከላይ ሁለት ቀኖች ይነበባሉ። `Local` የሚለው የስልኩ ውስጥ ቅጂ ቀን ነው፤ የጉግል ስም ያለበት መስመር ደግሞ ወደ አካውንቱ የተላከው ቅጂ ቀን ነው። አሳሳቹ ነገር የመጀመሪያው መስመር ነው። ማከማቻው ከሞላ ከስምንት ወር በኋላም ቢሆን `Local` የሚለው ያለፈውን ሌሊት ያሳያል፤ በጨረፍታ ያየው ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነው ብሎ ገጹን ይዘጋዋል። የስልኩ ውስጥ ቅጂ ግን የሚገኘው ሊጠፋ በሚችለው በዚያው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል።

በገጹ ላይ የሚነበበው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በቁጥር ሲጻፍ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ እንጂ ጥቅምት አይደለም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የለመደ ሰው የቅጂውን ዕድሜ በወራት ሊስት ይችላል።

## ማከማቻው የሚሞላበት ምክንያት

ዋትስአፕ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቅጂውን በጉግል ድራይቭ ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ዋትስአፕና ጉግል በተስማሙት መሠረት ይህ ቅጂ ከተጠቃሚው የማከማቻ ኮታ ላይ መቆጠሩ ቀረ። በዚያው ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ያልታደሱ ቅጂዎች በራሳቸው እንደሚወገዱ ተነገረ። ለአምስት ዓመት ያህል የቅጂው መጠን ማንንም አላሳሰበም፤ 20 ጊጋባይት ቢሆን እንኳ ነፃ ነበር።

በኖቬምበር 2023 ይህ እንደሚያበቃ ተገለጸ። ለውጡ በዲሴምበር 2023 በዋትስአፕ የሙከራ ተጠቃሚዎች ተጀምሮ በ2024 ደረጃ በደረጃ ለሌሎቹም ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የዋትስአፕ ቅጂ ከነፃው 15 ጊጋባይት ላይ ይቆጠራል። ይህ 15 ጊጋባይት ለዋትስአፕ ብቻ የተመደበ አይደለም። ጂሜይል፣ ጉግል ድራይቭና ጉግል ፎቶዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። ፎቶዎችም ቢሆኑ በተቀነሰ ጥራት ሲቀመጡ የማይቆጠሩበት ጊዜ ነበር፤ እሱም በጁን 1, 2021 ቀርቷል። ሁለቱ ለውጦች ተደምረው፣ ተጠቃሚው ምንም ልማዱን ሳይለውጥ ለዓመታት ይበቃው የነበረው ማከማቻ ይሞላል።

አንድ ፎቶ ሁለት ጊዜ የሚቆጠርበት አጋጣሚም አለ። በዋትስአፕ የመጣ ፎቶ የዋትስአፕ ቅጂ ውስጥ ይገባል። ተጠቃሚው በጉግል ፎቶዎች ውስጥ የዋትስአፕ ምስሎች አቃፊም እንዲላክ ፈቅዶ ከሆነ ያው ፎቶ እዚያም ቦታ ይይዛል። በዓል በመጣ ቁጥር የመልካም ምኞት ምስሎችና ቪዲዮዎች በሚጎርፉባቸው የቤተሰብና የዕድር ግሩፖች ውስጥ ላለ ሰው ይህ ቀላል መጠን አይደለም። በአንጻሩ የተጻፈ ጽሑፍ በጣም ጥቂት ቦታ ነው የሚይዘው፤ የዓመታት ጽሑፍ ከጥቂት ረጃጅም ቪዲዮዎች ሊያንስ ይችላል። ማከማቻውን የሚሞላው ቪዲዮ ሆኖ ሳለ ሲሞላ ግን ጽሑፉም የድምፅ መልእክቱም አብረው ይቆማሉ።

## ሲቆም የሚታዩ ምልክቶች

ቅጂው ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል ማለት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ጉግል ማከማቻው ሊሞላ ሲቃረብ ማሳሰቢያ ይልካል፤ ዋትስአፕም ቅጂው እንዳልተሳካ ያሳውቃል። ነገር ግን ማሳሰቢያው ብዙዎች በማይከፍቱት የጂሜይል ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ወይም ተጨማሪ ቦታ ግዙ ከሚል ማስታወቂያ ጋር ስለሚመሳሰል በጣት ተገፍቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ ላይ የሚጎድል ነገር ስለሌለ ጉዳዩ ይረሳል።

ግልጽ ሆኖ የሚታየው ምልክት ከዋትስአፕ ውጪ ነው። የጉግል ማከማቻ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ጂሜይል ደብዳቤ መቀበልም መላክም ያቆማል። የሚጠበቅ የቪዛ ቀጠሮ፣ የባንክ መልእክት ወይም የይለፍ ቃል ማደሻ ኢሜይል አለመምጣቱ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ምክንያት ነው። ጉግል ፎቶዎችም በዚያው ጊዜ አዲስ ፎቶ መቀበሉን ያቆማል። የትኛው አገልግሎት ምን ያህል እንደያዘ `one.google.com/storage` በሚለው ገጽ ላይ ተለይቶ ይታያል። የዋትስአፕ ቅጂው ራሱ በጉግል ድራይቭ ተራ ፋይሎች መካከል አይታይም፤ `Backups` በሚለው ክፍል ውስጥ ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ ብቻ ይነበባል እንጂ ከፍቶ ማንበብ አይቻልም።

ማከማቻው ሳይሞላም ቅጂው ሊቆም ይችላል። በኢትዮጵያ የተለመደው ምክንያት የዋይፋይ አለመኖር ነው። ቅጂው በሞባይል ዳታ እንዲላክ ካልተፈቀደ በስተቀር ዋይፋይ ይጠብቃል። ኢንተርኔቱ የሞባይል ፓኬጅ ብቻ የሆነ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካልደረሰ ቅጂው ለወራት ላይሄድ ይችላል፤ ከነጭራሹ አንድም ቅጂ ያልተላከባቸው ስልኮችም አሉ። `Chat backup` ገጽ ታች ላይ በሞባይል ዳታ ለመላክ የሚፈቅድ ማብሪያ ይገኛል። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ስለሚችል ግን ፓኬጁን ሊጨርሰው ይችላል። ከመጀመሪያው በኋላ ያሉት ቀለል ይላሉ፤ ፎቶና ቪዲዮ በተመለከተ የሚላከው አዲስ የተጨመረው ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት አካውንቱ ነው። ስልክ ሲገዛ ሻጩ ወይም ዘመድ የጉግል አካውንት ከፍቶ የሚያስረክብበት ልማድ አለ። ባለቤቱ የኢሜይል አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም አያውቅም። ቅጂው ለዓመታት በትክክል ቢላክ እንኳ፣ ስልኩ በጠፋ ቀን ማንም ሊገባበት በማይችል አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

## አንድ ማሳያ

በሪያድ የምትሠራ አንዲት ሴት አገር ቤት ካሉት እናቷ ጋር በዋትስአፕ ትገናኛለች እንበል። እናትየው መጻፍ ስለማይወዱ የሚልኩት የድምፅ መልእክት ነው። ገንዘብ የተላከባቸው ደረሰኞች፣ የሥራ ውሉ ገጾችና የፓስፖርቷ ፎቶም በዚያው ይቀመጣሉ።

በጃንዋሪ 1, 2025 አካውንቷ ውስጥ ፎቶዎች 10.2፣ ጂሜይል 1.1፣ ድራይቭ 0.3፣ የዋትስአፕ ቅጂ ደግሞ 2.9 ጊጋባይት ይዘዋል። ድምሩ 14.5 ሲሆን የቀረው ግማሽ ጊጋባይት ነው። በየወሩ ፎቶዎች 0.2፣ ዋትስአፕ 0.15 ጊጋባይት ያህል ይጨምራሉ፤ በጠቅላላው 0.35። ግማሽ ጊጋባይቱ በዚህ ፍጥነት የሚበቃው ለስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቅጂ የተሳካው በፌብሩዋሪ 12፣ ማለትም በየካቲት 5, 2017 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ ሌሊት ያለው ሙከራ አልተሳካም፤ ከዚያ በኋላ ያሉትም እንዲሁ። የስልኩ ውስጥ ቅጂ ግን በየሌሊቱ መታደሱን ቀጥሏል።

ስልኩ በታክሲ ውስጥ የጠፋው በሴፕቴምበር 20 (መስከረም 10, 2018 ዓ.ም.) ነው። ምትክ ሲም አውጥታ፣ አዲስ ስልክ ገዝታ፣ በዚያው የጉግል አካውንት ስትገባ ዋትስአፕ ቅጂ ማግኘቱን ይነግራታል። ቀኑ ግን ፌብሩዋሪ 12 ነው። በመካከል 220 ቀናት አሉ። እስከ የካቲት 5 ያለው ሁሉ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በቅጂው ውስጥ የለም። የደረሰኞቹን ፎቶ ከጉግል ፎቶዎች አገኛለሁ ብላ ብትፈልግም አታገኝም። ሁለቱ አገልግሎቶች አንድ ማከማቻ ስለሚጋሩ የፎቶዎቹም ቅጂ የቆመው በዚያው ሰሞን ነው። ብዙ ሰዎች ፎቶ ሌላ ቦታ፣ ቻት ሌላ ቦታ ተቀምጧል ብለው ሁለት መጠባበቂያ ያላቸው ይመስላቸዋል፤ ሁለቱም በአንድ አካውንት ውስጥ ከሆኑ ግን ሲሞላ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቆማሉ።

የቀረው መንገድ የሌላው ወገን ስልክ ነው። የ220 ቀናቱ መልእክቶች፣ የእናትየውም የእሷም ድምፅ፣ እናትየው ካላጠፏቸው በእናትየው ስልክ ውስጥ አሉ። በእናትየው ዋትስአፕ ላይ የልጃቸው ቻት ተከፍቶ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር `Export chat` ሲመረጥ ጽሑፉ በፋይል፣ ድምፆቹና ፎቶዎቹ ደግሞ አብረው ተያይዘው ይወጣሉ። ለዚህ ወሰን አለው፤ ከነፎቶና ድምፁ ሲሆን የቅርቦቹ 10,000 መልእክቶች፣ ጽሑፉ ብቻ ሲሆን 40,000 ነው። የወጣው ፋይል ተመልሶ ወደ ዋትስአፕ ቻትነት አይገባም፤ እንደ ማንኛውም ፋይል ተከፍቶ ይነበባል፣ ይደመጣል። በዚህ ማሳያ የእናትየው ድምፅና የደረሰኞቹ ፎቶ በዚህ መንገድ ይገኛሉ። ከአሠሪዋ ጋር የነበረው ቻት ግን በአሠሪዋ ስልክ ነው ያለው፤ የደመወዝ ክርክር ቢነሳ ያንን ላኪልኝ ብሎ መጠየቅ ቀላል አይሆንም።

## በአዲስ ስልክ ላይ መመለስ

ቅጂው የሚመለሰው ዋትስአፕ በሚመዘገብበት ጊዜ፣ ቁጥሩ ከተረጋገጠ በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች መመሳሰል አለባቸው፤ ቅጂው የተሠራበት ስልክ ቁጥርና የጉግል አካውንቱ። በአዲሱ ስልክ ላይ ሌላ አካውንት ከተከፈተ ዋትስአፕ ምንም ቅጂ እንዳላገኘ ይናገራል። ይህ ማለት ቅጂው ጠፍቷል ማለት ሳይሆን በሌላው አካውንት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ቅጂው አሮጌ መሆኑን አይቶ «ለኋላ ይቆየኝ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ዋትስአፕን ባዶ አድርጎ ይጀምራል። በኋላ ለመመለስ መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። በመካከሉ አዲሱ ስልክ፣ ቦታ ከተገኘ፣ የራሱን ቅጂ ወደ አካውንቱ ሊልክ ይችላል። አካውንቱ የሚይዘው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ የጥቂት ቀናት ቻት የያዘው አዲስ ቅጂ የዓመታቱን ቅጂ ይተካዋል። ስለዚህ አሮጌም ቢሆን ቅጂው በቀረበበት ጊዜ ይመለሳል። በስህተት የታለፈ እንደሆነ ደግሞ በመጀመሪያ በ`Chat backup` ገጽ ላይ ራሱን የቻለው መላኪያ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መተግበሪያው ጠፍቶ በትክክለኛው አካውንት እንደገና የሚጫነው።

የስልክ ቁጥሩ ጉዳይ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሰዎችን በተለይ ይመለከታል። የውጭ አገር ሲሙ ከተዘጋ በኋላ ስልክ ቢጠፋ በዚያ ቁጥር የተሠራውን ቅጂ ለመመለስ ቁጥሩን ማረጋገጥ አይቻልም። አሮጌው ስልክ እጅ ላይ ሳለ በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ ያለውን `Change number` ተጠቅሞ ወደ ኢትዮጵያው ቁጥር ማዛወር፣ ቀጥሎም በአዲሱ ቁጥር ወዲያውኑ ቅጂ መሥራት ይቻላል።

ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ቅጂውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚደርስ ምስጠራ መቆለፍ ይቻላል። ቁልፉ ተጠቃሚው የሚመርጠው የይለፍ ቃል ወይም 64 አሃዝ ያለው ቁልፍ ነው። ስልኩም ጠፍቶ ቁልፉም የተረሳ እንደሆነ ቅጂው ቢኖርም የሚከፍተው የለም፤ ዋትስአፕም ጉግልም መክፈት አይችሉም።

## ቦታ መልቀቅ

ማከማቻው መሙላቱን ያወቀ ሰው ፈጥኖ የሚያደርገው ከዝርዝሩ ውስጥ ትልቁን ነገር መሰረዝ ነው። ትልቁ ነገር የዋትስአፕ ቅጂ ከሆነ እሱን ይሰርዛል። ቅጂው ከድራይቭ ሲሰረዝ በስልኩ ላይ ያለው ቻት አይነካም፤ አዲስ ቅጂ ተልኮ እስኪያልቅ ድረስ ግን ከስልኩ ውጪ ምንም የለም። የኢንተርኔት ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

የሚሻለው ቅደም ተከተል ከሌላው መጀመር ነው። በጂሜይል ውስጥ በመፈለጊያው ላይ የሚከተለው ሲጻፍ ከ10 ሜጋባይት በላይ አባሪ ያላቸው ደብዳቤዎች ይለያሉ፦

```
has:attachment larger:10M
```

የተሰረዘ ደብዳቤና የድራይቭ ፋይል ከቅርጫቱ እስኪወጣ ድረስ ቦታ እንደያዘ ይቆያል፤ በራሱ የሚወጣው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ የተረሳ እንደሆነ ብዙ ተሰርዞም ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። በፎቶዎች ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በጉግል ፎቶዎች መተግበሪያ ውስጥ የተሰረዘ ፎቶ ከክላውዱ ብቻ ሳይሆን ከስልኩም ይሰረዛል። ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የልጅ ፎቶ ከሁለቱም ቦታ ያጠፉ ሰዎች የሚያውቁት በኋላ ነው። ወደ አካውንቱ ተልኮ የነበረ ፎቶ በቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ስለሚቆይ እስከዚያ ድረስ ይመለሳል።

በዋትስአፕ በኩል ሁለት ነገሮች ብዙ ቦታ ያስለቅቃሉ። የመጀመሪያው በ`Chat backup` ገጽ ላይ `Include videos` የሚለውን ማጥፋት ነው፤ ጽሑፍ፣ ድምፅና ፎቶ መላካቸውን ሲቀጥሉ ቪዲዮ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው `Storage and data` ከዚያም `Manage storage` ውስጥ ገብቶ ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ ሲተላለፉ የመጡትን ነገሮች መምረጥና ማጥፋት ነው። ከግሩፖች የመጡት ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚሁ ነው። ይህ የሚያጠፋው ከስልኩ ራሱ ነው፤ የክላውዱ መጠን የሚቀንሰው ቀጣዩ ቅጂ ሲሳካ ነው።

ቦታ ከተገኘ በኋላ `Back up` የሚለው ተጭኖ እስከ መጨረሻው መሄዱ ይታያል። የተሳካ መሆኑ የሚታወቀው የጉግሉ መስመር ላይ ያለው ቀን የዛሬውን ሲያሳይ ብቻ ነው። ለሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ከኮታው በላይ ሆኖ የቆየ አካውንት ውስጥ ያለውን ነገር ጉግል ሊሰርዝ እንደሚችልም በደንቡ ላይ ሰፍሯል።

## ያለ ክላውድ

አሮጌው ስልክ እየሠራ አዲስ ለተገዛለት ሰው የክላውዱ ቅጂ ማርጀት አያስጨንቅም። ከ2023 ጀምሮ ሁለት አንድሮይድ ስልኮችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ፣ በአዲሱ ስልክ ላይ የሚታየውን የኪውአር ኮድ በአሮጌው በማንበብ ቻቱን በቀጥታ ማዛወር ይቻላል። ዳታ አይጨርስም፤ የጉግል ማከማቻም አይነካም።

ማከማቻ መግዛት ለማይችል ወይም በውጭ ምንዛሪ መክፈያ ካርድ ለሌለው ሰው አስተማማኙ መንገድ የስልኩን ውስጥ ቅጂ ወደ ውጪ ማውጣት ነው። ስልኩ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዝና `Android/media` ውስጥ ያለው `com.whatsapp` አቃፊ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ወይም ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። `Databases` የሚለው መልእክቶቹን፣ `Media` የሚለው ፎቶውን፣ ድምፁንና ቪዲዮውን ይዟል፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። በአዲስ ስልክ ላይ አቃፊው ዋትስአፕ ከመመዝገቡ በፊት በዚያው ቦታ ይቀመጣል፤ ዋትስአፕም ሲመዘገብ የስልኩ ውስጥ ቅጂ መኖሩን አይቶ ይጠይቃል። የተቆለፈ ፋይል ስለሆነ እዚህም ላይ ያው ስልክ ቁጥር፣ ምስጠራው የበራ ከሆነም ያው የይለፍ ቃል ያስፈልጋል።

ስክሪኑ ተሰብሮ ግን የሚበራ ስልክ ላይም ይህ ዘዴ ሊሠራ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን የሚያየው ግን የስልኩ ቁልፍ ከተከፈተ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ጠጋኙ «ፎርማት» እንዳያደርገው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዎቹን ወራት የያዘው ብቸኛ ቅጂ በውስጡ ነውና።

## በአይፎንና በቴሌግራም

በአይፎን ላይ የዋትስአፕ ቅጂ የሚቀመጠው በአይክላውድ ነው። ነፃው 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ከጉግሉ ይልቅ ቶሎ ይሞላል። በዚህ ላይ ዋትስአፕ የቅጂውን መጠን 2.05 እጥፍ ክፍት ቦታ በአይክላውዱም በስልኩም ይፈልጋል። ቻቱ 2 ጊጋባይት ከሆነ 4.1 ጊጋባይት ክፍት መሆን አለበት። 3 ጊጋባይት ክፍት ቦታ እያየ ቅጂው ለምን እንደማይሠራ የሚገረም ሰው ምክንያቱ ይህ ነው። የአንድሮይዱ የጉግል ቅጂ በአይፎን ላይ፣ የአይፎኑም በአንድሮይድ ላይ አይመለስም።

ቴሌግራም አሠራሩ ከዚህ ይለያል። ተራ ቻቶች የሚቀመጡት በቴሌግራም ሰርቨሮች ላይ ስለሆነ በአዲስ ስልክ ሲገባ ራሳቸው ይመጣሉ፤ የጉግል ማከማቻ መሙላት አይመለከታቸውም። ምስጢራዊ ቻት የሚባሉት ግን በተሠሩበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሚኖሩ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።